«12 ኤኤም» ስንት ሰዓት ነው?

(ጅማ ላይ ለውጭ ትምህርት ዕድል ለሚያመለክቱ ወጣቶችና ከውጭ ደንበኛ ጋር ለሚጻጻፉ ነጋዴዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ግድግዳው ላይ ያለችውን አንዲት መስመር እዩልኝ።

```
Thursday, October 15, 12:00 AM ET
```

ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃበት ሰዓት ነው እንበል። ላኪው ኒው ዮርክ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው `ET` የእነሱን ሰዓት ነው የምታመለክተው። ተቀባይዋ ደግሞ እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ያለች ተመራቂ ናት። ኦክቶበር 15 በእኛ ጥቅምት 5 ነው እንበል። ቀኑ ሐሙስ ነው። እንግዲህ ይህቺ ልጅ ማመልከቻዋን እስከ ስንት ሰዓት ማስገባት ትችላለች? በጅማ ሰዓት ንገሩኝ።

(እዚህ ላይ አዳራሹ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተንጫጫ። አንዱ «ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት» አለ። ከመሃል «ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ አባት «ቀን 6 ሰዓት ነው፣ አከተመ!» አሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ «ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት» አለች።)

የጥጓ ልጅ አግኝታዋለች። ሌሎቻችሁም ግን ከመሬት ተነስታችሁ አልተናገራችሁም። እያንዳንዱ መልስ የራሱ ምክንያት አለው። ዛሬ የምናወራው ስለ እነዚህ ምክንያቶች ነው። ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ ካላወቅን ነገ በሌላ መልእክት ተመልሶ ይመጣል።

ከቀን 6 ሰዓቱ ልጀምር። አባታችን ያሉት ሞኝነት አይደለም። ኤኤም «ከቀትር በፊት»፣ ፒኤም «ከቀትር በኋላ» ማለት ነው፤ ከላቲን የመጡ አጫጭር ፊደሎች ናቸው። 9 ኤኤም ከቀትር በፊት ነው፣ ችግር የለውም። 3 ፒኤም ከቀትር በኋላ ነው፣ እሱም ችግር የለውም። 12 ላይ ስንደርስ ግን ፊደሎቹ ሥራቸውን ያቆማሉ። ልክ ቀትር ላይ ከቀትር በፊትም ከቀትር በኋላም አይደለንም፤ ራሱ ቀትሩ ላይ ነን። እኩለ ሌሊት ደግሞ ከትናንቱ ቀትር 12 ሰዓት በኋላ፣ ከነገው ቀትር 12 ሰዓት በፊት ነው። ሁለቱንም ፊደል ብትሰጡት ያስኬዳል። ስለዚህ የፊደሉን ትርጉም ይዞ 12 ኤኤም ምን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ያለው መንገድ ሰዎች የተስማሙበትን ልማድ ማወቅ ብቻ ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው። 12 ኤኤም እኩለ ሌሊት ነው። 12 ፒኤም ቀትር ነው። ስልካችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ፣ የኢሜይላችሁ የቀን መቁጠሪያ ሁሉም የሚሠሩት በዚህ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ አንዲት ደቂቃ ወደፊት ሂዱ። ከቀትር በኋላ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ሰዓቱ 12:01 ነው። ይህ ያለ ክርክር ከቀትር በኋላ ስለሆነ ፒኤም ይባላል። 12:00ን ኤኤም፣ 12:01ን ፒኤም ካላችሁ ሰዓቱ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ፊደል ይቀይራል። ለዲጂታል ሰዓት ደግሞ 12 ሲል ፊደሉ አብሮ ቢቀየር ይቀለዋል። ስለዚህ ጠቅላላው የ12 ሰዓት ክፍል፣ ከ12:00 እስከ 12:59፣ ፒኤም ሆነ።

እኔ በግሌ የምጠቀምበት ዘዴ 12ን «ዜሮ» ብሎ ማንበብ ነው። 12 ኤኤም፣ ዜሮ ኤኤም፤ ማለትም ቀኑ ገና ሲጀምር። 12:30 ኤኤም፣ ቀኑ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት። 12 ፒኤም፣ ከቀትር በኋላ ዜሮ፤ ማለትም ራሱ ቀትሩ። እንዲህ ሲነበብ ቁጥሩ ከ0 ወደ 1፣ ወደ 2 እያለ በሥርዓት ይሄዳል። በተለመደው አጻጻፍ ግን ከ12 ተነስቶ ወደ 1 ይወርዳል፤ ጣጣው ሁሉ እዚያ ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች ይህቺን በደንብ ያዟት። «ፒኤም ከሆነ 12 ደምር» ብላችሁ ብቻ ካለፋችሁ 12 ፒኤም 24 ሰዓት ሆኖ ቁጭ ይላል። ደንቡ 12ን መጀመሪያ ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ ፒኤም ከሆነ 12 ደምር ነው።

እዚህ ላይ አባታችንን የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት የጽሑፍ ደንብ መጽሐፍ አለው። የ2000 ዓ.ም እትሙ (በፈረንጅ ነው የማወራው) ቀትርን 12 ኤኤም፣ እኩለ ሌሊትን 12 ፒኤም በሉ ይል ነበር። በ2008ቱ እትም ገለበጠው። ማለትም በዚያው አገር፣ በመንግሥት ደንብ፣ ከሃያ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ 12 ኤኤም ቀትር ነበር። የዚያው አገር የሰዓትና የልኬት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የሚመክረው ደግሞ ጭራሽ አትጠቀሙባቸው ብሎ ነው። «ቀትር» ወይም «እኩለ ሌሊት» ብላችሁ ጻፉ ይላል። ስለዚህ ላኪው ፈረንጅ ስለሆነ በትክክል ጽፎታል ብላችሁ አትመኑ። እነሱም ይምታታባቸዋል።

አሁን ወደ እኛ ሰዓት እንምጣ። «ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት» ያለው ወንድሜ የተሳሳተው በሌላ በር ገብቶ ነው። ኤኤምን ጠዋት ብሎ ተረጎመ፣ 12ን እንዳለ ወሰደ፣ «ጠዋት 12 ሰዓት» አለ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፤ ጎህ ሲቀድ ነው፣ በፈረንጅ 6 ኤኤም። ፈረንጁ ጋ 12 ቀትርና እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። እኛ ጋ ደግሞ ማለዳና ምሽት ላይ። አንዱ 12 ከሌላው በስድስት ሰዓት ይርቃል።

ይህ ስህተት የሚመጣው ከቅደም ተከተል ነው። ሰው መልእክቱን እንዳየ መጀመሪያ ወደ ሀበሻ ሰዓት መቀየር ይቀናዋል። ይህ መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። የልጅቷን መልእክት አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ 12:00 AMን ወደ 24 ሰዓት አጻጻፍ አምጡት፤ 00:00 ይሆናል። ቀኑ ሐሙስ ገና ሲጀምር። ቀጥሎ ቦታውን ቀይሩ። ኒው ዮርክ ጥቅምት 5 ላይ ገና የበጋ ሰዓቷ ላይ ናት፤ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። 00:00 ላይ 7 ስትደምሩ 07:00 ሐሙስ ይመጣል። አሁን ወደ ሀበሻ ሰዓት ለማምጣት 6 ቀንሱ፤ 1 ሰዓት። ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። በቃ።

ወንድሜ በራሱ መንገድ ቢቀጥል ምን ይደርስበት ነበር? 12 ኤኤምን የማለዳ 12 ሰዓት አደረገው፤ ማለትም ኒው ዮርክ 06:00። 7 ደመረ፣ 13:00። 6 ቀነሰ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። ማመልከቻውን አሳምሮ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሐሙስ 5 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ ይከፍተዋል። በሩ ግን ከአራት ሰዓት በፊት ተዘግቷል። ሒሳቡን ከዚያ በኋላ አንድም ቦታ አልሳተም። የተሳሳተው የመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ ብቻ ነው።

መቀነሱ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትቸገሩ ይሆናል። በ24 ሰዓት አጻጻፍ ከ06:00 በታች ከሆነ 6 አይቀነስም፣ ይደመራል፤ ሌሊት ነው። 00:00 ሲሆን 6 ደምሩ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። 04:00 ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ቀንሳችሁ ከ12 በላይ ከመጣ 12 እንደገና ቀንሱ። 19:00 ሲቀነስ 13፣ እንደገና ሲቀነስ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ዜሮ ከወጣ ደግሞ 12 በሉት።

አሁን የሚገርመውን ላሳያችሁ። ያቺን አንዲት መስመር በሦስት መንገድ እናንብባት። ላኪው እንደ ልማዱ እኩለ ሌሊት፣ የሐሙስ መጀመሪያ ማለቱ ከሆነ፣ ለእኛ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ቀትር ለማለት ፈልጎ ፊደሉን ገልብጦት ከሆነ፣ ለእኛ ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ነው። ሐሙስ ዋለ አመሸ፣ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ላይ ማለቱ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት። ሦስቱም 1 ሰዓት! ቁጥሩ ከቶ አይነቃነቅም። የሚቀየረው ጠዋት ነው ማታ፣ ሐሙስ ነው ዓርብ የሚለው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ጓደኛሞች ሰዓቱን አስልተው «1 ሰዓት ነው አይደል?» «አዎ 1 ሰዓት» ተባብለው የሚለያዩት፤ ከዚያ አንዱ ጠዋት አንዱ ማታ የሚቀርበው። የ12 ስህተት ሁልጊዜ የሚያዘልለው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ የእኛ ሰዓት ላይ ቁጥሩ አይታይም።

እንግዲህ «ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት» ያለችው እህታችን ቀረች። እሷ እኩለ ሌሊት መሆኑን በትክክል አውቃለች። የጅማ ሰዓት ማድረጉን ለጊዜው እንተወው። የምትሳሳተው ሌሊቱን ለማን እንደሰጠችው ነው። እኛ ስንናገር ሌሊቱ የቀደመው ቀን ነው። «ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ» ስንል ሐሙስ ከመሸ በኋላ ማለታችን ነው። ሰዓቱ 8 ይሁን 9 ይሁን፣ እስኪነጋ ድረስ ሐሙስ ነው። በፈረንጅ የቀን አቆጣጠር ግን ሐሙስ የሚጀምረው ረቡዕ ማታ ተኝተን ሳለ ነው። `Thursday 12:00 AM` ሲል ረቡዕ ተሸኝቶ ሐሙስ የሚገባባት ቅጽበት ናት። እህታችን ያሰበችው ሌሊት ከዚህ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ነው። ስህተቱ በአንድ ቀን ነው፤ የማይታየውም ለዚሁ ነው። ቁጥሩም ፊደሉም እኩለ ሌሊቱም ትክክል ናቸውና።

ለዚህ እናቶቻችን መፍትሔ አላቸው። «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ይላሉ። ሁለቱን ቀን ባንድ ላይ ስለሚጠሩ መምታታት የለም። ወደ አማርኛ ስታስተላልፉ ይህንን ተጠቀሙ። ወደ ውጭ ስትጽፉም እንዲሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ መካከል ያለው እኩለ ሌሊት ብላችሁ ሁለቱን ቀን ጥሩ።

ይህ ነገር ከማመልከቻ ይልቅ አውሮፕላን ላይ ነው ሰው የሚያስለቅሰው። ትኬት ላይ ሰዓት በብዛት የሚጻፈው በ24 ሰዓት፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው አገር ሰዓት ነው። ስለዚህ ኤኤም ፒኤም የለበትም። ቀኑ ግን አለ። ትኬታችሁ ጥቅምት 6፣ 00:20 ከቦሌ ይላል እንበል። ቤተሰብ ተሰብስቦ «ጥቅምት 6 ሌሊት ነው በረራው» ይላል። ልጁ ጥቅምት 6 ጠዋት ከጅማ ይነሳል። አውሮፕላኑ ግን ከሄደ ሰዓታት አልፈውታል። ከጅማ መውጣት የነበረበት ጥቅምት 5 ነው፣ ያውም በጊዜ። ሰዓቱ በ00 ወይም በ01 ከጀመረ ሻንጣ የሚዘጋው ከአንድ ቀን በፊት ነው።

(አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ የኔ ስልክ በአማርኛ ነው። 12 ሰዓት ጥዋት ብሎ ሲጽፍ ምን ማለቱ ነው?» አሉ።)

እትዬ፣ ጥሩ ጊዜ ነው የጠየቁኝ። ብዙ ስልኮች ቋንቋቸው አማርኛ ሲሆን ሰዓቱን ወደ ሀበሻ አይቀይሩትም። ፊደሉን ብቻ ይተረጉሙታል። ኤኤም የነበረውን «ጥዋት»፣ ፒኤም የነበረውን «ከሰዓት» ይሉታል። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት 10 ደቂቃ ሲያልፍ ስልኩ `12:10 ጥዋት` ይላል። ልጅዎ ከአሜሪካ በእኛ ሌሊት የላከው መልእክት ላይ ይህን ካዩ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ10 የላከው ይመስልዎታል። ደግሞ ሲመሽ፣ በእኛ 1 ሰዓት ላይ፣ `7:00 ከሰዓት` ይላል። እኛ 7 ሰዓት የምንለው ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ቋንቋው አማርኛ ቢሆንም ሰዓቱ የፈረንጅ ነው።

መፍትሔው ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ የ24 ሰዓት አጻጻፍን ማብራት ነው። ልጆቹ በአንድ ደቂቃ ያደርጉልዎታል። ያኔ እኩለ ሌሊት `00:10`፣ ቀትር `12:10` ሆነው ይታያሉ። 12 የሚባለው በቀን አንዴ ብቻ ይመጣል፣ እሱም ሁልጊዜ ቀትር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ መልእክቱ ሥር ያለችው ትንሽ ሰዓት ወደ እናንተ አገር ሰዓት ተቀይራ ነው የምትታየው። መልእክቱ ውስጥ በእጅ የተጻፈው ሰዓት ግን አይነካም። ላኪው «12 ኤኤም» ብሎ ከጻፈ እንዳለ ይመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ሰው ሁለቱም የተቀየሩ ይመስለዋል።

የቀን መቁጠሪያ ግብዣ ሌላ ነው፤ እሱ በራሱ ይቀየራል። እዚህ ላይ ግን ከላኪው ጣት የመጣ ስህተት አብሮ ይቀየርና በንጹህ ልብስ ይመጣል። የማውቃት ልጅ ለአንድ የውጭ ተቋም ቃለ መጠይቅ ግብዣ ደረሳት። ስልኳ ላይ የታየው ማክሰኞ 07:00፣ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ማን ይጠላል? እሷ ግን ወደኋላ ቆጠረች። ጠያቂዎቹ ያሉት ኒው ዮርክ ነው። 07:00 ላይ 7 ብትቀንስ እነሱ ጋ 00:00 ይሆናል። ማን ነው እኩለ ሌሊት ላይ ቢሮ ገብቶ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ? ጻፈችላቸው። መልሱ ይቅርታ፣ ቀትር ለማለት ነው የሚል መጣ። ግብዣውን ያዘጋጀው ሰው ከዝርዝሩ ላይ 12:00 PM መምረጥ ሲገባው 12:00 AM መርጧል። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ሆነ።

ልጅቷ ያደረገችው ነገር ለሁላችሁም ይሆናል። ግብዣ ሲመጣ የእናንተን ሰዓት ብቻ አትዩ፤ ላኪው ጋ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ መልሱት። ስብሰባ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የስልክ ቀጠሮ እኩለ ሌሊት ላይ ከወደቀ ዘጠና በመቶ ፊደሉ ተገልብጧል። (ዘጠና በመቶ ያልኩት በአፍ ነው፣ ጥናት አላደረግሁም።) የማመልከቻ ማብቂያ ግን ተቃራኒው ነው። እሱ እኩለ ሌሊት መሆኑ የተለመደ ነው፤ መጠየቅ ያለባችሁ የቱ እኩለ ሌሊት ነው የሚለውን ነው፤ ቀኑ ሲጀምር ወይስ ሲያልቅ?

እዚህ ላይ አንዳንዴ ሰዎቹም እርስ በርስ አይግባቡም። ማስታወቂያውን የጻፈው «እስከ ኦክቶበር 15» ሲል 15ን ጨምሮ ማለቱ ነው። ድረ ገጹን ያዘጋጀው ባለሙያ ደግሞ 15፣ 12:00 AM ብሎ ሞላው። ማሽኑ 15 ሲጀምር ዘጋው። ሙሉ አንድ ቀን ጠፋ። ይህን እንዴት ታውቃላችሁ? ገጹ ላይ «ይህን ያህል ሰዓት ቀርቷል» የሚል ቆጣሪ ካለ እሱን እመኑ። ቆጣሪ ኤኤምም ፒኤምም የለውም፣ የኒው ዮርክም የጅማም አይደለም። የቀረው 20 ሰዓት ከሆነ ለሁሉም ሰው 20 ሰዓት ነው። ቆጣሪ ከሌለ ቀደም የሚለውን ማብቂያ ያዙና በዚያው ጻፉላቸው።

ጠንቃቃ ተቋማት ለዚህ ነው 11:59 ፒኤም የሚሉት። `Wednesday 11:59 PM` ካለ ረቡዕ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ሁለት ትርጉም የለውም። የኢንሹራንስ ውሎችም በብዛት 12:01 ኤኤም ላይ ይጀምራሉ፣ በዚሁ ምክንያት። ለእኛ የረቡዕ 11:59 ፒኤም ኒው ዮርክ ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ከ59 ነው። እንደገና 12 መጣች፣ አትደንግጡ፤ ይህቺኛዋ የእኛዋ ናት።

(አንድ የቡና ነጋዴ ጠየቀ፦ «እኔ የምጻጻፈው ከዱባይ ነው። እነሱ ቅርብ ናቸው፣ አንድ ሰዓት ነው የሚበልጡን። እኔንም ይመለከተኛል?»)

አንተን ይበልጥ ይመለከትሃል ወንድሜ። ዱባይ ከእኛ በስተምሥራቅ ስለሆነች ቀኑ እነሱ ጋ ቀድሞ ይገባል። «ዋጋው እስከ ሐሙስ 12 ኤኤም ይጸናል» ብለው ከጻፉልህ፣ ሐሙስ 00:00 ዱባይ ማለት ጅማ ረቡዕ 23:00 ነው። ረቡዕ ከሌሊቱ 5 ሰዓት። አንተ ሐሙስን ገና አላየህም፣ ዋጋው ግን አልፏል። ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ እመልሳለሁ ካልክ አርፍደሃል። ከጀርመን ጋር የምትሠሩ ይህ ችግር ይቀንስላችኋል። እነሱ ጽሑፍ ላይ 24 ሰዓት ነው የሚጠቀሙት፤ ቀኑ ሲያልቅ 24፣ ሲጀምር 0 ብለው ይለያሉ። የሐሙስ 24:00ና የዓርብ 00:00 አንድ ቅጽበት ናቸው።

(ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር፦ «ለኮንፈረንስ ጽሑፍ ስንልክ `AoE` የሚል እናያለን።»)

እሱ ጥሩ ፈጠራ ነው። «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» ማለት ነው። በዓለም ላይ መጨረሻ ቀኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከእኛ በ15 ሰዓት ወደኋላ ነው። ረቡዕ 23:59 ካለ ለጅማ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ድረስ ጊዜ አላችሁ። ያንን ስል መምህራን ሁሉ ፈገግ አላችሁ፣ አይቻለሁ።

አሁን ራሳችሁ ስትጽፉ። 12ን አትጻፉ። ቀትር ከሆነ `12:00 noon` በሉ። እኩለ ሌሊት ከሆነ ከተቻለ ወደ 23:59 ጎትቱት። ካልተቻለ ሁለቱን ቀን ጥሩ። የከተማ ስም ጨምሩ፤ ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ አዲስ አበባ። ቀጥላችሁ የራሳችሁን ሰዓት በ24 አጻጻፍ አስቀምጡ። ልጅቷ ለዚያች መስመር የምትልከው መልስ ይህን መምሰል አለበት።

```
Thu 15 Oct 00:00 New York = Thu 15 Oct 07:00 Addis Ababa ?
```

የጥያቄ ምልክቷ ትቅር እንዳትሉ። ላኪው «አዎ» ወይም «አይ፣ ቀትር ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይመልሳል። የሀበሻ ሰዓት ወደ ውጭ አትላኩ፤ «1 o'clock» ብትሉት ያብዳል።

(የመጨረሻው ጥያቄ ከዚያችው ከጥጓ ልጅ መጣ፦ «ያ 7 ሰዓት ሁልጊዜ 7 ነው?»)

አይደለም። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያንቀሳቅሳሉ። ከማርች ሁለተኛው እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ልዩነታችን 7 ነው። ከዚያ ውጭ 8። እኛ አንነካውም፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ቀጠሮ ነው። የኒው ዮርክ 12 በበጋቸው ለእኛ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ነው። መልእክት ላይ የበጋ ሰዓታቸው `EDT` ካለ 7፣ የክረምቱ `EST` ካለ 8 መሆን ነበረበት። ግን ብዙ አሜሪካኖች ዓመቱን ሙሉ በልማድ `EST` ብለው ይጽፋሉ፣ በጁላይ ሳይቀር። እንዲህ ሲሆን ቀደም የሚለውን ሰዓት ያዙ፣ ለቃለ መጠይቅ ከሆነም ከ1 ሰዓት ጀምራችሁ መስመር ላይ ሁኑ። በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮ ያላችሁ፣ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ለዚያኛው ወገን ጽፋችሁ አረጋግጡ።